ትርፍ እና በእጅ ያለ ብር፦ በአንድ የደሴ ሱቅ ሂሳብ

ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ ሱቅ እንዳለን እናስብ። ወሩ ግንቦት ነው። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ለማደስ የሚሯሯጥ ሰው ስለሚበዛ ገበያው ደርቷል። ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ ግን በዚህ ጊዜ እጁ ላይ ብር የለውም። በልግ አብቃይ በሆነው የወሎ ደጋ ሰብሉ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። የመኸር አምራቹማ እስከ ታኅሣሥና ጥር ይጠብቃል። ስለዚህ ባለሱቁ ቆርቆሮውን በዱቤ ያስጭናል።

በትርፍ ስሌት ይህ ሽያጭ ዛሬውኑ ይቆጠራል፤ ብሩ ገባም አልገባም። ከሽያጩ ላይ የተሸጠው ዕቃ መግዣና የወሩ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈው ትርፍ ነው። የገንዘብ ፍሰት የሚባለው ግን ወደ መሳቢያውና ወደ ባንክ ሂሳቡ በእርግጥ የገባውንና የወጣውን ብር ብቻ ያያል።

በቁጥር እንየው። ወሩ ሲጀመር ባለሱቁ 60,000 ብር አለው። በግንቦት የ300,000 ብር ዕቃ ሸጠ። የዕቃው መግዣ 240,000 ነበር። ለኪራይ፣ ለሠራተኛ፣ ለጫኝና አውራጅ 30,000 አወጣ። የብድር ወለዱ 3,000 ነው። የቀረው 27,000 ብር ትርፉ ነው። ጥሩ ወር ነው።

አሁን መሳቢያውን እንክፈት። ከ300,000ው ሽያጭ በእጅ የተከፈለው 140,000 ብቻ ነው። 160,000ው ዱቤ ደብተር ላይ ተጽፏል። ካለፈው ዱቤ 40,000 ተሰበሰበለት። ጠቅላላ የገባው 180,000 ሆነ። ለአዲስ ዕቃ 170,000፣ ለወጪ 30,000፣ ለብድሩ ከነወለዱ 15,000 ከፈለ። እቁብ በየሳምንቱ 5,000 ይጥላል፤ በአራት ሳምንት 20,000። ጠቅላላ የወጣው 235,000 ነው። ስለዚህ 27,000 ባተረፈበት ወር ጥሬ ገንዘቡ በ55,000 ቀነሰ። የቀረው 5,000 ብር የሚቀጥለውን ወር ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

ብሩ ማንም አልሰረቀበትም። ከሁሉ የበለጠውን የያዘው ዱቤው ነው። ከሰበሰበው ይልቅ የሰጠው በ120,000 ይበልጣል። የሸጠውን ያህል ዕቃ ስላልተካ ነው እንጂ ጉድለቱ ከዚህም ይብስ ነበር። መደርደሪያውን እንደ ወትሮው ቢሞላ ኖሮ ሌላ 70,000 ያስፈልገው ነበር።

ብድሩና እቁቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ15,000ው ክፍያ ውስጥ ወጪ የሆነው ወለዱ፣ 3,000ው፣ ብቻ ነው። 12,000ው የተበደረውን መመለስ ስለሆነ ትርፉን አይነካም፤ መሳቢያውን ግን ይነካል። እቁብም እንደዚሁ ነው። መዋጮው ወጪ አይባልም፣ የራሱ ቁጠባ ነው። ዕጣው ሲወጣለትም ያ ብር ትርፍ አይደለም። እቁቡ 20 አባላት ካሉትና ዕጣው በሁለተኛው ሳምንት ከወጣለት 100,000 ብር ያገኛል። ከዚህ ውስጥ እስካሁን የጣለው 10,000 ብቻ ነው። የቀረውን 90,000 በ18 ሳምንት ይከፍላል። በዚያ ብር ዕቃ ቢገዛበት ሱቁ ይተነፍሳል። ትርፍ መስሎት ቤት ቢያድስበት ግን ሳምንታዊው 5,000 ከሱቁ መውጣቱን ይቀጥላል።

ተቃራኒውም አለ። የተቸገረ ነጋዴ ዕቃውን ከገዛበት ዋጋ በታች በእጅ በእጅ ቢሸጥ መሳቢያው ይሞላል፤ እሱ ግን እየከሰረ ነው። ብር ስለበዛለት ብቻ ደህና ነኝ ይላል። ኪሳራው የሚታወቀው ያንኑ ያህል ዕቃ ሊገዛ ሄዶ ብሩ ሲያጥረው ነው። የዕቃ ዋጋ በፍጥነት ሲጨምርም ያው ነገር ይከሰታል። በ1,000 ብር የተገዛ ቆርቆሮ በ1,200 ተሸጦ መተኪያው 1,250 ከሆነ፣ ደብተሩ 200 ትርፍ ይጽፋል፤ በእጅ ባለው ብር ግን ያንኑ ቆርቆሮ መልሶ መግዛት አይቻልም።

ለባለሱቁ የሚጠቅመው ከትርፍ ሂሳቡ ጎን ሌላ አንድ ገጽ መያዝ ነው። በገጹ ላይ የሚቀጥሉትን ስምንት ሳምንታት በተርታ ይጽፋል፤ በእያንዳንዱ ሥር ይገባል የሚለውንና የግድ የሚወጣውን ብር። ዱቤውን የሚጽፈው ደንበኛው በገባው ቃል ቀን ሳይሆን ሰብሉ በሚደርስበት ጊዜ ነው። የበልጉን ገበሬ ሐምሌ ላይ፣ የመኸሩን ጥር ላይ ያስቀምጣል። ጥር ከስምንት ሳምንቱ ውጭ ስለሆነ ያ ዱቤ ገጹ ላይ አይወጣም። ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበትን ሳምንት አስቀድሞ ካየ፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር ስለ መክፈያ ቀን ለመነጋገር ወይም አዲስ ዱቤ ለማቆም ጊዜ አለው።

ሐምሌ ላይ ዱቤው መሰብሰብ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ትርፉ በግንቦት ስለተቆጠረ ሁለተኛ አይቆጠርም። በዚህ ሱቅ ሂሳብ ከሚመለሰው እያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 80ው የቆርቆሮው መግዣ ነው፤ ወደ መደርደሪያው መመለስ አለበት።