የወሩ የገቢ ማብራሪያ ምንድን ነው?

አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር እናስብ። የ2017 የካቲት አለቀ፣ ሲስተሙም የወሩን ሪፖርት አወጣ። የየካቲት ገቢ 1,710,000 ብር ነው። የጥር 2,700,000 ብር ነበር። በ36.7 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። አማካይ የሊትር ዋጋም ከ60 ብር ወደ 57 ብር ወርዷል ይላል። (ማኅበሩም ቁጥሮቹም ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ስሌቱ እንዲቀል ክብ ክብ አድርጌአቸዋለሁ።)

ወረቀቱ ላይ ስህተት የለም። ግን እንዲሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢታደር በማግስቱ ሦስት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ "ዋጋ ቀነሱብን" ይላል። ሌላው "ወተታችንን እየደፉት ነው" ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በሉት" ይላል።

የወሩ የገቢ ማብራሪያ የሚባለው ከዚህ ወረቀት ጋር አብሮ የሚወጣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ሒሳብ ሹሙ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው። ሚዛኑና ሲስተሙ ራሳቸው የደመሩትን ቁጥር ይወስድና ገንዘቡ የት እንደሄደ ለአባላት በተራ ቋንቋ ይነግራል። ብዙ ቦታ ግን ማብራሪያ ተብሎ የሚቀርበው ሠንጠረዡ ራሱ በዓረፍተ ነገር ተጽፎ ነው። "ገቢ በ36.7 በመቶ ቀንሷል፤ አማካይ ዋጋም በ5 በመቶ ቀንሷል።" ይኼ ማንበብ ነው እንጂ ማብራራት አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው የጎደለውን 990,000 ብር በመከፋፈል ነው። ገቢ ማለት የተሸጠ ሊትር ሲባዛ በዋጋ ነው፤ ስለዚህ የጎደለው ወይ ከሊትሩ ነው፣ ወይ ከዋጋው። በጥር 45,000 ሊትር ተሸጧል፤ በየካቲት 30,000። የ15,000 ሊትር ጉድለት በጥር ዋጋ፣ በ60 ብር ሲባዛ፣ 900,000 ብር ይሆናል። በየካቲት የተሸጠው 30,000 ሊትር ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ 3 ብር አጥቷል፤ ያ 90,000 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 990,000 ይመጣሉ። ልክ ካልመጡ የሆነ ቦታ የተዘለለ ነገር አለና ከመጻፍ በፊት እሱን መፈለግ ነው።

አሁን "ዋጋ ቀነሱብን" ለሚለው መልስ አለን፦ ከጉድለቱ አንድ አሥረኛው እንኳ ከዋጋ የመጣ አይደለም። እሱም ቢሆን ጠጋ ብለው ሲያዩት ሌላ ነገር ነው። ይህ ማኅበር ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው። ካፌዎችና ሱቆች ሊትሩን በ70 ብር ይወስዳሉ፤ ማቀነባበሪያ ፋብሪካው በ55 ብር። በጥር 15,000 ሊትር ለካፌና ለሱቅ፣ 30,000 ለፋብሪካው ተሸጠ፤ አማካዩ 60 ሆነ። በየካቲት ካፌዎቹ የወሰዱት 4,000 ብቻ ነው፤ ፋብሪካው 26,000። አማካዩ 57 ሆነ። ልብ በሉ፣ 70ውም 55ቱም አንድ ሳንቲም አልተነኩም። ጥሩ የሚከፍለው ደንበኛ ስለቀነሰ ብቻ አማካዩ ወረደ። ሲስተሙ ግን "አማካይ ዋጋ ወረደ" ነው የሚለው፣ እውነቱንም ነው። ይህን ሳይለይ "የገበያ ዋጋ በመውረዱ" ብሎ የሚጽፍ ሒሳብ ሹም ያልሆነ ነገር ጻፈ። ኮሚቴውንም ከፋብሪካው ጋር ለማይረባ የዋጋ ጭቅጭቅ ይልከዋል።

ካፌዎቹ ለምን ቀነሱ? ሁዳዴ ገባ። በ2017 ዐቢይ ጾም የጀመረው የካቲት 17 ሰኞ ነው። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ማኪያቶ አዛዡ ወደ ጥቁር ቡናና ሻይ ይዞራል፤ የካፌው የወተት ጀሪካንም ያንሳል።

ቀጥሎ 15,000 ሊትሩ የት ገባ የሚለው ይመጣል። ከመሰብሰቢያ ጣቢያው ሚዛንና ከሽያጩ ደረሰኝ ጎን ለጎን ሲታይ እንዲህ ነው። አባላት ያስረከቡት ከጥር በ2,000 ሊትር ያነሰ ነው። 1,000 ሊትር ደግሞ ተበላሽቷል፦ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣ ታንኩ ሞቀ፤ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ በአልኮል ሲመረመር ወተቱ ቋጠረና መኪናው ተመለሰ። የቀረው 12,000 ሊትር ገዢ ስላጣ ተንጦ ቅቤ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ ዋጋ የሚያወጣው። ሲስተሙ ለሦስቱም የሚያሳየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ያልተሸጠ። ለአባሉ ግን ሦስቱ ለየቅል ናቸው። የተበላሸው ቀልጦ ቀርቷል፣ ተጠያቂም ይፈለግለታል። ያልመጣው ወተት የመኖ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አባላት በጎን ለሌላ እየሸጡ ይሆናል። ቅቤው ደግሞ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሏል።

20 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ይሰጣል ብለን ብናሰላ፣ 12,000 ሊትሩ 600 ኪሎ ገደማ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ይሸጣል። ግን "720,000 ብራችን በቅቤ መልክ አለ" ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው። 720,000 ወተቱ እንደ ወተት ቢሸጥ ኖሮ የሚያስገባው ነው። ቅቤው ስንት እንደሚያወጣ የሚታወቀው ሲሸጥ ነው፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም የያዘውን ቅቤ ይዞ ይወጣል። ከአሬራው የሚወጣው አይብም ቢሆን በጾም ገዢ የለውም፣ እንደ ቅቤም አይቆይም። ስለዚህ ኪሎው ይጻፍ፣ ብሩ አይጻፍ።

እስካሁን ያልነው ስለ ገቢ ነው። አባሉ ግን ስብሰባ ላይ የሚጠይቀው ስለ ገቢ አይደለም፤ "የእኔ ክፍያ ምን ይሆናል?" ነው። ማኅበሩ ለአባላት የሚከፍለው በተረከበው ሊትር ነው፣ በሸጠው አይደለም። የመረከቢያ ዋጋው 48 ብር ነው እንበል። በየካቲት 43,000 ሊትር ተረክቧል፤ ስለዚህ ለአባላት 2,064,000 ብር ከፍሏል። ያስገባው 1,710,000 ነው። የ354,000 ብር ክፍተት አለ፤ ያውም ደመወዝ፣ ነዳጅና መብራት ሳይጨመር። በጥር በዚሁ ስሌት 540,000 ብር ተርፎ ነበር። የገቢ ሠንጠረዡ ይህን ጨርሶ አያሳይም፤ ለእኔ ግን የወሩ ትልቁ ወሬ እሱ ነው። ክፍተቱ ከየት ተሸፈነ? ከመጠባበቂያው? ከብድር? ማብራሪያው ይህን ከዘለለ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ጥቅም የለው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሲስተሙ ራሱ መጠየቅ አለበት። ራስ ሠር ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ በደንብ ያሳስታል። አንዱ ኔትወርክ ነው። የአንዱ ጣቢያ ሚዛን ለቀናት ሳይልክ ቢቀር ሪፖርቱ ላይ "ወተት አልመጣም" ሆኖ ይታያል። የሚታወቀውም ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን ጣቢያ ዕለታዊ ዝርዝር ማውጣትና 30 ቀን ሙሉ መመዝገቡን ማየት። ባዶ ቀን ካለ ከአባላት ደብተር ጋር ይመሳከራል። ከላይ ያልነው 2,000 ሊትርም መጀመሪያ በዚህ ማለፍ አለበት፤ ሰዎች በጎን ይሸጣሉ ብሎ ከመክሰስ በፊት።

ሌላው ቀን መቁጠሪያው ነው። ብዙ ሶፍትዌር ወሩን የሚቆርጠው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን፣ የ2025 ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ስላነሰ ብቻ ገቢው ቀነሰ ይልሃል። በኛ ወር ከተቆረጠ ጥርም የካቲትም 30፣ 30 ቀን ናቸው፤ ይህ ጣጣ የለም። ጳጉሜን ግን ብቻዋን ወር አድርጎ ከነሐሴ ጋር የሚያወዳድር ሪፖርት አይጠፋም፣ እሱን ሳይ መሳቅ ነው የሚቀናኝ።

ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደርም ወጥመድ አለው። ጥሩ ልማድ ይመስላል፤ የካቲትን ከየካቲት ጋር። ግን ጾሙ ይዞራል። በ2016 ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ነው፤ ስለዚህ የ2016 የካቲት አንድም የሁዳዴ ቀን አልነበረበትም። የ2017 የካቲት 14 ቀን አለበት። ሁለቱን አስተያይቶ "ካለፈው ዓመት ወረድን" ማለት የፍስክን ገበያ ከጾም ገበያ ጋር ማወዳደር ነው። ትክክለኛው ጾምን ከጾም ጋር ማየት ነው፦ የካቲት 17 እስከ 30 ቀን 2017ን ከመጋቢት 2 እስከ 15 ቀን 2016 ጋር። ሲስተሙ ቀን መርጦ ማውጣት ከቻለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚህ ንጽጽርም ሽያጩ ካነሰ ያኔ ነው ከጾሙ ሌላ ምክንያት የሚፈለገው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ለአባላት የሚነበበው ከዚህ አይበልጥም፦

"የካቲት ገቢያችን 1 ሚሊዮን 710 ሺህ ብር ነው። ከጥር በ990 ሺህ ብር ያነሰ ነው። የማንም ደንበኛ ዋጋ አልተቀነሰም። ሁዳዴ በመግባቱ ካፌዎች የሚወስዱት ወተት ቀንሷል። ሳይሸጥ የቀረውን 12 ሺህ ሊትር ወደ 600 ኪሎ ቅቤ ለውጠን አስቀምጠነዋል፤ ገና አልተሸጠም። 1 ሺህ ሊትር በመብራት መጥፋት ተበላሽቷል፤ ጉዳዩን ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ይዞታል። ከናንተ የተረከብነውም በ2 ሺህ ሊትር አንሷል፤ ምክንያቱን ገና እያጣራን ነው። ለናንተ የከፈልነው ካስገባነው በ354 ሺህ ብር ይበልጣል፤ የሸፈንነው ከመጠባበቂያው ነው። መጋቢት ሙሉውን ጾም ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። እስከዚያ ክፍተቱ ይሰፋል ብለን እንጠብቃለን።"

የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች አንዳንድ ኮሚቴ "አባል ያስደነግጣሉ" ብሎ ያስወጣቸዋል። እኔ አላስወጣቸውም። በመጋቢት ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ይበልጥ ሲወርድ ያን ጊዜ ማብራራት ከመጀመር፣ ከወር በፊት ተነግሮ ቢያገኘው ለሒሳብ ሹሙም ይቀለዋል። አባሉም ለላሟ ፉርሽካ በዱቤ ከመግዛቱ በፊት ያውቀዋል።