በጅማ ኩሽናዎች ስለ ሁድ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁዱ የከሰል ፊልተር ስላለው አየሩን አጣርቶ ይመልሳል። ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?»

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሱቅ ነው። ሻጩ ግድግዳ መብሳት የማይጠይቅ ዕቃ ለመሸጥ ይቀለዋል፤ ገዢውም አዲስ የተለሰነ ግድግዳውን ከማስነካት ይድናል። ሁድ ከምድጃ በላይ የሚገጠመው ጭስና እንፋሎት ሳቢ ነውና፣ እስቲ አየሩ ውስጡ ገብቶ ምን እንደሚሆን እንከተለው። መጀመሪያ የሚያልፈው በብረቱ ወንፊት በኩል ነው፤ ወንፊቱ የዘይትና የቅቤ ጠብታ ይይዛል። ከወንፊቱ በስተጀርባ ያለው ጥቁር ፊልተር ደግሞ እጅግ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲኖሩት ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል ነው። የቁሌትና የአሳ ጥብስ ሽታ በእነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አየሩ በሁዱ አናት በኩል ተመልሶ ኩሽናው ውስጥ ይነፋል።

ከአየሩ ጋር ተመልሰው የሚመጡት እንፋሎቱ፣ ሙቀቱ እና ከእሳቱ የሚወጡት ጋዞች ናቸው። ከሰሉ እነዚህን አይይዝም። እንፋሎቱ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ይህን ያስላ፦ የሲሊንደር ጋዝ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ጋዝ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ 12 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ተቃጥሎ ሲያልቅ አንድ ጄሪካን የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ኩሽና ውስጥ ለቋል ማለት ነው። ከድስቱ የሚወጣው ገና አልተቆጠረም። ክረምት በከበደበትና ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶ በማይደርቅበት በጅማ፣ ይህ ሁሉ ውሃ መውጫ ካጣ የሚያርፈው ግድግዳና ቁምሳጥን ላይ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው። ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ያልበዋል፤ ከላይኛው ቁምሳጥን ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ይታያል፤ የቁምሳጥኑ የተጠቀጠቀ ጣውላ ጠርዙ አብጦ ሽፋኑ ይላቀቃል።

ውጭን የሚነካ ግድግዳ በሌለው ኩሽና ወይም ግድግዳ መብሳት በማይፈቀድበት የኪራይ ቤት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ የሚበሰል ከሆነ በከሰል ፊልተር መሥራት ይቻላል፤ መስኮት እስከተከፈተ ድረስ። ፊልተሩ ግን እንደ አጠቃቀሙ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይጠግባል፤ በዓይን አይቶ መለየትም አይቻልም። ሁዱ እየሠራ ቁሌት ከተቁላላ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሽታው እንዳለ ከቆየ ፊልተሩ አብቅቶለታል። በሳሙና አጥቦ መመለስ አይጠቅምም፤ መታጠብ የሚችለው በመመሪያው ላይ ይህ በግልጽ የተጻፈለት ዓይነት ብቻ ነው።

«ቱቦ ቱቦ ነው፤ ለፍሳሽ የተገዛው 110 ፒቪሲ ከተረፈ እሱኑ መግጠም ይቻላል።»

አብዛኛው ሁድ የሚመጣው ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መውጫ ነው። በ110 ፒቪሲ ሲተካ አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠቅላላ ስፋት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ተመሳሳይ መጠን ያለው አየር በዚያ ጠባብ ቱቦ ለማሳለፍ ሞተሩ የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ሞተሩ ይህን አይችልምና የሚያወጣው አየር ያንሳል፤ ጩኸቱ ግን ይብሳል። «ይጮኻል እንጂ አይስብም» ተብሎ የሚታማ ሁድ ሲገጥመኝ አስቀድሜ የማየው ቱቦውን ነው። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ቱቦ ሳይገጠምበት የተለካ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ብቻ መተማመንም አይገባም። በተጨማሪም ፒቪሲ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ከጋዝ እሳት በላይ ቦታ የለውም።

ትክክለኛው በላሜራ የተሠራ ውስጡ ልስልስ የሆነ ባለ 150 ቱቦ ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ቤት ሄዶ ማሠራት ይቻላል። አጭር ይሁን፤ የመታጠፊያው ጎሚቶ ከሁለት አይብለጥ። እጥፍጥፍ ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ የግድ ከሆነ እስከ መጨረሻው ተወጥሮ ይገጠም። ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፤ የዝናብ ውሃና ውስጡ የሚጠራቀመው ጤዛ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ። ጫፉ ላይ የሚገጠመው ወደ ታች የሚያይ ክዳን ይሁን። ብዙዎች በዚያ ቦታ የትንኝ ወንፊት ያደርጋሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቅባት ይደፍነዋል። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ በሁዱ መውጫ ላይ አየሩ እንዳይመለስ የሚከላከሉ ሁለት ቀጫጭን ክንፎች አሉ። ቱቦው በብሎን ሲታሰር የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ አልፎ ክንፎቹን ከያዘ መከፈት ያቅታቸዋል። ሁዱ አዲስ ሆኖም የማይስብ ከሆነ ይህን ማየት አይከፋም።

«ኮርኒሱ ውስጥ ብንለቀውስ? ከቆርቆሮው ሥር በራሱ ይወጣል።»

አይወጣም። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ በኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቅባቱ ደግሞ በእንጨቱና በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ይለጠፋል። ቱቦው ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን አልፎ ሰማይ ማየት አለበት።

«ሁድ ካለ መስኮት መክፈት ምን ያደርጋል? እንዲያውም ጉልበቱን ያባክነዋል።»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ይህ ነው። ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኝ አዲስ ፎቅ ቤት የገጠመኝን ላስረዳ። ኩሽናው 3 በ3 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ70 ነው፤ 28 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። መስኮቶቹ ጎማ የተደረገባቸው አሉሚኒየም ናቸው፤ በሩም ከሥሩ ክፍተት የለውም። ቱቦው በትክክል ባለ 150 ነው። የቤቱ እመቤት ግን፣ «ወንድሜ፣ ይህን ነገር ባበራሁት ቁጥር የመጸዳጃ ቤቱ ሽታ ኩሽና ይገባል፤ ጭሱም አይወጣም» አሉኝ።

ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው። ሁዱ በሰዓት 400 ሜትር ኩብ ቢያወጣ በኩሽናው ውስጥ ያለውን አየር በየአራት ደቂቃው ጠራርጎ ያወጣል። የወጣውን የሚተካ አየር የግድ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። መስኮትና በር ሲዘጋበት በቀረለት ክፍተት ሁሉ ይገባል፤ በዚያ ቤት ውስጥ በቀላሉ ያገኘው ክፍተት የመጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ ያለውና ለረጅም ጊዜ ውሃ ሳይፈስበት የደረቀው ፍሳሽ መቀበያ ነበር። በዚያ በኩል የሚገባው አየር በቂ ስላልሆነም ሁዱ ባዶውን ይሽከረከር ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ሁዱ በከፍተኛው ፍጥነት ሲሠራ አንድ ንጣፍ ሶፍት ወንፊቱ ላይ አስጠጋሁ፤ ጥቂት ተንጠልጥሎ ወደቀ። መስኮቱን ከፍቼ ስደግመው ግጥም ብሎ ተለጠፈ፤ የሞተሩም ድምፅ ተለወጠ። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ራሳቸው መስኮቱን እየከፈቱና እየዘጉ ሶፍቱ ሲወድቅና ሲለጠፍ ማየት ጀመሩ።

ምን ያህል ክፍተት ይበቃል? በጀርመን ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ባለበት ቤት ሁዱ የሚፈጥረው የግፊት ጉድለት ከ4 ፓስካል እንዳይበልጥ ይጠየቃል። በዚህ ልክ ስናሰላ በሰዓት 400 ሜትር ኩብ አየር 25 በ25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጻ ቀዳዳ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ቁመት ያለውን ተንሸራታች መስኮት ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር መክፈት ያንኑ ያህል ነው። ወንፊት ወይም ፍርግርግ ካለበት ወንፊቱ የሚሸፍነው ቦታ ስላለ ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቦታውም ለውጥ አለው። ከምድጃው አጠገብ ያለው መስኮት ሲከፈት ንፋሱ ከድስቱ የሚነሳውን ጭስ ወደ ጎን ገፍቶ ከሁዱ ያስመልጠዋል፤ «መስኮት ሁድን ያዳክማል» የተባለውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። መከፈት ያለበት ከምድጃው ራቅ ያለው፣ ቢቻል ትይዩ ያለው ነው፤ አየሩ ኩሽናውን አቋርጦ እንዲመጣ። በዝናብ ወራት መስኮት መክፈት ለሚያስቸግረው ቤት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ዝናብ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ፍርግርግ ያለው ቀዳዳ ማስበሳት ይሻላል። በዚያ ቤት የተደረገውም ይኸው ነው፤ ደረቁ ፍሳሽ መቀበያ ላይም ውሃ ተደፋበት።

«ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነና ሁዱ ከበራ፣ ለቡና ቤት ውስጥ ቢቆይ ችግር የለውም።»

እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ አደገኛ ነው። የደመቀ ፍም የሚያጨሰው ትንሽ ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሁዱ ጥቁር ፊልተርም አያስቀረውም። አየሩን መልሶ የሚነፋ ሁድ ይህን ጋዝ በቤቱ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም። ወደ ውጭ የሚያወጣ ሁድ ቢሆንም፣ ምድጃው ሳሎን መሐል ባለ ረከቦት አጠገብ ተቀምጦ ኩሽናው ክፍት ከሆነ፣ ጋዙ ወደ ሁዱ የሚጓዘው በተቀመጡት ሰዎች በኩል አልፎ ነው። ከቡናው በኋላ ብዙ ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ምድጃው ከቤት ይወገድ፤ የባሰበትም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ፍሙን ሁዱ ሥር ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም፤ ቅባት የጠገበ ወንፊት ከፍንጣሪ እሳት ይይዛል። የከሰል ምድጃ ቦታው በረንዳ ነው።

«ሁዱ ካለ የምጣዱም እንፋሎት ይሄድልናል።»

ሁድ የሚስበው ከሥሩ የሚነሳውን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በአብዛኛው ቤት ከጋዝ ምድጃው ርቆ በአንድ ጥግ በራሱ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ሁዱ ሥር ቢመጣም የምጣዱና የሁዱ ስፋት ሁለቱም 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ወደ ጋጋሪዋ ፊት ያልፋል፤ ሁዱ አይደርስበትም። አዘውትሮ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሁድ መግዛት ወይም ምጣዱ ባለበት ጥግ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ የሚነፋ ማራገቢያ ማስገጠም ይመረጣል። ማራገቢያውና ሁዱ በአንድ ጊዜ ከበሩ የሁለቱ ተደምሮ ስለሚታሰብ የመስኮቱ ክፍተትም በዚያው ልክ ይስፋ።