ረጅም የጂፒኤስ ዱካ መከርከም፦ የእግሩን ከመኪናው መለየት

ዱካ መከርከም ማለት ስልክ ወይም የጂፒኤስ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ከመዘገበው ፋይል ውስጥ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መጣል ነው። ነገሩ የሚመጣው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ጠዋት ቤት ደጃፍ ላይ ቀረጻውን ታስጀምራለህ፣ ከዚያ ትረሳዋለህ።

እንበል ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወንጪ ሄድክ። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጣህ፣ 4 ሰዓት ላይ ከመኪና ወርደህ በእግር ወደ ሐይቁ መውረድ ጀመርክ፣ 8 ሰዓት ተኩል መኪናው ጋ ተመለስክ፣ ማታ 1 ሰዓት ቤት ገባህ። መሣሪያው በየሰከንዱ አንድ ነጥብ ከመዘገበ በ13 ሰዓት ውስጥ 46,800 ነጥብ ተከማችቷል። የእግር ጉዞው ግን 16,200 ብቻ ነው። ሌላው አስፋልት ነው። ፋይሉን እንዳለ ለጓደኛ ከላክኸው ደግሞ የመጀመሪያው ነጥብ የቤትህ በር ነው።

ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ጂፒኤክስ ነው፤ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። አንድ ነጥብ ይህን ይመስላል፦

```
<trkpt lat="8.79" lon="37.90">
  <ele>2951</ele>
  <time>2024-11-16T07:00:00Z</time>
</trkpt>
```

ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታ፣ ሰዓት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው `Z` ሰዓቱ የግሪንዊች አቆጣጠር መሆኑን ትናገራለች፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ 3 ሰዓት ይቀድማል፣ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት 12 እንጀምራለን። ሁለቱ ተደምረው ሲታዩ ግን ስሌቱ ቀላል ሆኖ ይገኛል፦ የጠዋቱን 12 እንደ 0 ቆጥሮ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 መጨመር ብቻ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት 07:00 ይሆናል፣ 8:30 ደግሞ 11:30። ሌሊት ለሚነሱ ግን ወጥመድ አለ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተራራ ለመውጣት የተነሳ ሰው ፋይሉ ውስጥ የሚያገኘው 23:00ን ነው፣ ያውም በትናንቱ ቀን። ቀኑን ሳይቀንስ ከቆረጠ ባዶ ፋይል ይወጣለታል።

ሰዓቱ ከታወቀ ጂፒኤስባቤል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦

```
gpsbabel -t -i gpx -f wenchi.gpx -x track,start=20241116070000,stop=20241116113000 -o gpx -F wenchi-egir.gpx
```

አዲሱ ፋይል በሌላ ስም መቀመጡን ልብ በል። ዋናውን ላዩ ላይ የጻፈበት ሰው የጣለውን መልሶ አያገኝም።

ከመኪና የወረድክበትን ደቂቃ ካላስታወስክስ? ፍጥነቱ ራሱ ይነግርሃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይዘልላል፣ በእግር የሚሄድ ሰው ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ካርታው ላይ ነጥቦቹ ድንገት የሚጠጋጉበት ቦታ ድንበሩ ነው። በሁለቱ መሃል፣ መኪናው ቆሞ ጫማ ሲታሰር፣ ነጥቦቹ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላሉ። አንተ ቆመሃል፣ ጂፒኤሱ ግን በትንሽ በትንሹ ይዋዥቃል። ይህንን ዝብርቅርቅም አብረህ ቁረጠው፤ ካልሆነ ያልሄድከውን ሜትር እየደመረ ርቀቱን ያስረዝመዋል። በአይጥ እየጎተቱ መቁረጥ ለሚመርጥ gpx.studio ላይ በካርታ ማድረግ ይቻላል፤ ለአንድ ፋይል እንዲያውም ይሄ ይቀላል።

ከጫፍ መቁረጥ ቀላል ነው፣ ከመሃል ማውጣት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወንጪ ላይ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ተሻግረህ ከሆነና የጀልባውን ክፍል ካወጣህ፣ የቀሩት ሁለት ቁራጮች በአንድ የዱካ ክፍል፣ ማለትም በአንድ `<trkseg>` ውስጥ ከተቀመጡ ፕሮግራሙ በቀጥታ መስመር ያገናኛቸዋል። ሐይቁን በእግርህ የተሻገርክ ትመስላለህ፤ ርቀቱም ይቆጠርልሃል። መፍትሔው ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ማስኬድ ነው፦ አንዴ ከጀልባው በፊት ላለው፣ አንዴ በኋላ ላለው። እንደ ሁለት ዱካ ለየብቻ ይቀመጡ።

ሰዓት የሌለው ፋይልም ያጋጥማል፣ በተለይ ካርታ ላይ በእጅ ተስሎ የተዘጋጀ መንገድ ከሆነ። እሱን በሰዓት መቁረጥ አይቻልም፣ በቦታ ብቻ ነው። ነጥቦችን ማሳሳትም ከመከርከም ጋር አይምታታ፤ ማሳሳት ከዳር እስከ ዳር ነጥብ ይቀንሳል እንጂ ቤትህን ከፋይሉ አያወጣም።

ከመላክህ በፊት አዲሱን ፋይል ክፈትና `<wpt` የሚል ፈልግ። እነዚህ ለየብቻ ምልክት ያደረግክባቸው ቦታዎች ናቸው፣ ዱካውን የሚቆርጠው ማጣሪያ አይነካቸውም። «ቤት» ብለህ የሰየምካት ነጥብ እዚያው ተቀምጣ ልታገኛት ትችላለህ።