ሙተዋቲርና አሓድ ሐዲስ፦ ስለ እርግጠኝነታቸው የሚነገሩ ስህተቶች

«በሁሉም ሰው ዘንድ የታወቀ ሐዲስ ሙተዋቲር ነው፤ ‹ሥራ የሚለካው በኒያ ነው› የሚለውን የማያውቅ ማን አለ?»

ይኸው ሐዲስ ራሱ አባባሉን ያፈርሰዋል። ኢማም ቡኻሪ ሶሒሓቸውን የከፈቱበት ይህ ሐዲስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በትክክለኛ ሰነድ የተላለፈው በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ብቻ ነው። ከዑመር ዐልቀማ ኢብኑ ወቃስ፣ ከዐልቀማ ሙሐመድ ኢብኑ ኢብራሂም አት-ተይሚ፣ ከእርሳቸው ደግሞ የሕያ ኢብኑ ሰዒድ አል-አንሷሪ ተቀብለውታል። በአራት ተከታታይ እርከኖች ላይ ያለው አስተላላፊ አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ከየሕያ በኋላ ግን ኢማም ማሊክን፣ ሱፍያን አስ-ሠውሪንና ሱፍያን ኢብኑ ዑየይናህን ጨምሮ እጅግ ብዙ ተማሪዎች ስላስተላለፉት በየቦታው ተሰራጨ።

ሙተዋቲር የሚባለው ዘገባ ከመጀመሪያው እርከን እስከ መጨረሻው ድረስ፣ በሐሰት ላይ ሊስማሙ በልማድ የማይቻላቸው ብዙ ሰዎች በዓይናቸው ያዩትን ወይም በጆሯቸው የሰሙትን ያስተላለፉት ነው። አንዱ እርከን እንኳ ከሳሳ ሐዲሱ አሓድ ይባላል፤ ስለዚህ የሚታየው ቀጭኑ እርከን እንጂ የመጨረሻው ብዛት አይደለም። ‹በእኔ ላይ ሆን ብሎ የዋሸ መቀመጫውን ከእሳት ያዘጋጅ› የሚለው ግን ከ60 በሚበልጡ ሶሓቦች ስለተላለፈ፣ ከሥሩ ጀምሮ ሙተዋቲር ነው።

«ሙተዋቲር ለመባል ቢያንስ አሥር ሰው ያስፈልጋል።»

4፣ 10፣ 12፣ 40፣ 70 ያሉ ዑለማዎች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ የተወሰነ ቁጥር አላስቀመጡም፤ መለኪያው እርግጠኛ ዕውቀት መገኘቱ ነው።

«አሓድ ሐዲስ ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ ዐቂዳ አይያዝም። ለፊቅህ ብቻ ይበቃል።»

ስለዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አሁንም እየሰማሁት ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ። የስህተቱ ሥር አሓድን እንደ አንድ ወጥ ደረጃ መቁጠር ነው። አሓድ ማለት የሙተዋቲርን መስፈርት ያላሟላ ዘገባ ሁሉ ነው፤ በውስጡ በአንድ ደካማ ሰው የመጣ ወሬም አለ፣ በተለያዩ አገሮች የነበሩ ብዙ ታማኝ ሰዎች ሳይገናኙ ያስተላለፉት ሐዲስም አለ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ፍርድ መስጠት የዘርፉ ሊቃውንት አሠራር አይደለም።

በ852 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ሐፊዝ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ይህንን ግልጽ አድርገውታል። አሓድ ሐዲስ አጋዥ ማስረጃ፣ ማለትም ቀሪና፣ ሲከበው በምርመራ የሚገኝ ዕውቀት ያስገኛል ብለው፣ ሦስት ዓይነቶችን ጠቅሰዋል። አንደኛው ቡኻሪና ሙስሊም በሶሒሖቻቸው ያወጡት፣ ሊቃውንት ያልተቹትና ሊታረቅ በማይችል ሁኔታ የሚጋጨው የሌለ ሐዲስ ነው። ሁለተኛው ከድክመትና ከስውር እንከን የጸዱ የተለያዩ መንገዶች ያሉት መሽሁር ሐዲስ ነው። ሦስተኛው ኢማሞች እየተቀባበሉ ያስተላለፉት ነው፤ ለምሳሌ ኢማም አሕመድ ከሻፊዒይ፣ ሻፊዒይም ከማሊክ ሲያስተላልፉና በየእርከኑ ሌላ ሰው ሲጋራቸው። ሙተዋቲር የሰማውን ሁሉ፣ ያልተማረውንም ጭምር ያስገድደዋል፤ ይህኛው ዕውቀት ግን የሚገኘው የአስተላላፊዎችን ሁኔታና የሐዲስን እንከኖች ለመረመረ ሰው ነው። ያልመረመረው ሰው «እኔ እርግጠኛ አልሆንኩም» ቢል ስለ ራሱ መናገሩ ነው፤ ስለ ሐዲሱ የተናገረው ነገር የለም።

ከዚያም ዐቂዳና ፊቅህ በሰይፍ እንደተቆረጡ አይለያዩም። አንድ ደረሳዬ ይህን አባባል ከሆነ ቦታ ሰምቶ፣ በመጨረሻው ተሸሁድ ላይ ከቀብር ቅጣት በአላህ መጠበቅን ትቶ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም ያወጡት ሐዲስ ከተሸሁድ በኋላ ከአራት ነገሮች በአላህ እንድንጠበቅ ያዛል፤ እነርሱም የጀሀነም ቅጣት፣ የቀብር ቅጣት፣ የሕይወትና የሞት ፈተና እና የመሲሕ አድ-ደጃል ፈተና ናቸው። ትእዛዙ የፊቅህ ነው፤ የቀብር ቅጣት መኖሩ ግን የዐቂዳ ነው። ሐዲሱን ለዐመል ተቀብሎ ለእምነት መተው፣ አለ ብሎ ካላመነበት ነገር በሶላቱ ውስጥ ጥበቃ መለመን ይሆናል። ደረሳው ይህ ስለታየው ነበር ዱዓኡንም የተወው፤ ከስህተት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው በወጥነት ተጓዘ።

የሰጠሁት ሥራ የሐዲሱን መንገዶች እንዲሰበስብ ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ አይሁዳዊቷ ሴት ንግግር ነቢዩን የጠየቁበትን አገኘ፤ ኢብኑ ዐባስ ስለ ሁለቱ ቀብሮች፣ አቡ አዩብ ነቢዩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሰሙት ድምፅ፣ ዘይድ ኢብኑ ሣቢትና አነስ ደግሞ በየራሳቸው ያስተላለፉትን አገኘ። ክስተቶቹ የተለያዩ፣ ቃላቱም የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም የሚገናኙበት ፍሬ ሐሳብ ግን አንድ ነው። ይህ በፍቺ ሙተዋቲር የሚባለው ነው፤ በኹፍ ላይ ማበስም የጸናው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱን ሰነድ ብቻ አይቶ «አሓድ ነው» ብሎ መፍረድ ሥራውን ሳይጀምሩ መጨረስ ነው። ማንም ይህን ቃል ከመናገሩ በፊት የሐዲሱን መንገዶች ይሰብስብ፣ በየእርከኑ ስንት ሰው እንዳለ ይቁጠር፣ ሊቃውንት ሐዲሱን ተችተው እንደሆነ ይመልከት፤ ይህን ማድረግ የማይችል ደግሞ የሚችለውን ይጠይቅ።

ከአሽዐሪያና ከማቱሪዲያ የዐቂዳ ሊቃውንት ብዙዎቹ ለእምነት መሠረቶች ቁርጥ ያለ ማስረጃ ያስፈልጋል ማለታቸው እውነት ነው፤ ይህን ልዩነት መደበቅ አይገባም። ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው የቀብር ቅጣትን በዐቂዳ ድርሳኖቻቸው አስፍረው አጽንተውታል።

«ሶሒሕ ሐዲስ ሁሉ እንደ ቁርኣን ቁርጥ ነው፤ በአንዱ የተጠራጠረ ካፊር ነው።»

ይህኛው ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያለ ችኮላ ነው። በ643 የሞቱት ኢብኑ ሶላሕ፣ ኡማው በሙሉ ስለተቀበላቸው በሁለቱ ሶሒሖች ውስጥ ያሉት ሐዲሶች፣ ሊቃውንት ከተቿቸው ጥቂቶች በስተቀር፣ እርግጠኛ ዕውቀት ያስገኛሉ ብለዋል። በ676 የሞቱት ኢማም ነወዊ ደግሞ የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም ሙተዋቲር እስካልሆኑ ድረስ የሚያስገኙት ሚዛን የሚደፋ ግንዛቤ ነው የሚል መሆኑን ገልጸው ተቃወሟቸው። ሁለቱም በሐዲሶቹ መሥራት ግዴታ በመሆኑ ላይ አልተለያዩም፤ አንዱም ሌላውን ካፊር አላለም። ዓኢሻም ሟች በቤተሰቡ ለቅሶ ይቀጣል የሚለውን የኢብኑ ዑመር ዘገባ አልተቀበሉም፤ አልዋሸም፣ ግን ረስቷል ወይም ተሳስቷል አሉ። በስሜቱ ተነሥቶ ሐዲስን የሚጥል ሰው ጥፋተኛ ነው፤ በማስረጃ እንከን ያየ ዓሊም ግን ሥራውን እየሠራ ነው።

«ዑመር የአንድ ሰው ዘገባ አይቀበሉም ነበር።»

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ስለመመለስ ሲነግሯቸው ምስክር መጠየቃቸው እርግጥ ነው። በታወቀው ዘገባ የመሰከሩት ግን አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ብቻ ናቸው፤ በሁለት ሰው ደግሞ ሐዲስ ሙተዋቲር አይሆንም። ይኸው ዑመር ሰርግ በተባለ ቦታ ሆነው፣ መቅሠፍት ወዳለበት ወደ ሻም አንገባም ብለው ከወሰኑ በኋላ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን ዘገባ ያለ ሌላ ምስክር ተቀብለው አላህን አመስግነዋል፤ ከመጁሶች ጂዝያ መቀበል የጀመሩትም በዚያው ሰው ብቻ ቃል ነው። ከአቡ ሙሳ የፈለጉት ማጣራት ነበር።