«በቀላል አማርኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቴሌግራም ላይ አንድ ጽሑፍ ተለጠፈ። «አዲሱ የወጪ መመሪያ በቀላል አማርኛ» ይላል ርዕሱ። አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሁሉም ወደዱት፣ አመሰገኑ። እኔ ግን የተሰብሳቢ ሂሳብ የማወራርድ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚያ ጽሑፍ የሚመራ ሠራተኛ ከአንድ ወር በኋላ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የኃላፊው ማስታወሻ ምን እንደሚል እንይ፦

«ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ለመስክ ሥራ የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ ሠራተኛው ከመስክ በተመለሰ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሕጋዊ ደረሰኝ ተያይዞ እንዲወራረድ፣ በቀን ከ500 ብር ያልበለጠ የከተማ ውስጥ ትራንስፖርት ወጪ ግን ደረሰኝ የማይገኝለት ሲሆን በቅርብ ኃላፊ በተረጋገጠ የወጪ መግለጫ ሊወራረድ የሚችል መሆኑን፣ ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ የሚፈጽመው ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ግዢ በመምሪያ ኃላፊውና በፋይናንስ ኃላፊው በቅድሚያ በጽሑፍ ካልተፈቀደ በስተቀር ተመላሽ የማይደረግ መሆኑን፣ እንዲሁም በተጠቀሰው ጊዜ ያልተወራረደ ቀሪ ሂሳብ ከቀጣዩ ወር ደመወዝ ተቀናሽ የሚደረግ መሆኑን እያሳወቅን፣ ለተግባራዊነቱ ሁሉም ሠራተኛ የበኩሉን እንዲወጣ እናሳስባለን።»

ቴሌግራም ላይ የወጣው «ቀላል» ደግሞ ይህ ነው፦

«ከመስክ በመጣችሁ በሳምንት ውስጥ ሂሳብ አወራርዱ። ደረሰኝ ግዴታ ነው። ትልልቅ ግዢ ከመፈጸማችሁ በፊት አለቃችሁን አስፈቅዱ። ካላወራረዳችሁ ከደመወዝ ይቆረጣል።»

ከሥሩ አንድ አስተያየት ሰጪ «ይኸው፣ ቀላል አማርኛ ማለት ይኼ ነው፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ይጠይቅ» ብሏል። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ይህ ጽሑፍ ማስታወሻውን አላቀለለውም፤ ሌላ መመሪያ ነው ያወጣው። የጻፈው ሰው መመሪያ የማውጣት ሥልጣን እንደሌለው ደግሞ ራሱም ያውቃል።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። አንድ ኩንታል ጤፍ ከከባድ ጆንያ ወደ ቀላል ጆንያ ይገለበጣል። ጆንያው ይቀየራል፣ ለመሸከም ይመቻል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ጤፉ ያው መቶ ኪሎ መሆን አለበት። «እያሳወቅን፣ የበኩሉን እንዲወጣ እናሳስባለን» የሚለው ጆንያ ነው፤ ይጣል። «7 የሥራ ቀናት» ግን ጤፍ ነው። «በጽሑፍ» ጤፍ ነው። «ቀሪ» የምትለዋ አንዲት ቃል እንኳ ጤፍ ናት። ጤፉን ደፍቶ «አያችሁ፣ እንዴት ቀለለ» ማለት ማቅለል አይደለም።

ሚዛኑ ምንድን ነው ከተባለ፣ ለሁለቱም ጽሑፎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ነው። አንድ ሠራተኛ 12,000 ብር ቅድሚያ ወስዶ መስክ ወጣ፣ ረቡዕ ተመለሰ እንበል። ቢሮው የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። በቴሌግራሙ ጽሑፍ መሠረት የመጨረሻ ቀኑ የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። በማስታወሻው መሠረት ግን ከማግሥቱ ከሐሙስ ጀምረን ብንቆጥር ሰባተኛው የሥራ ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ላይ ይውላል። ሠራተኛው ሁለት የሥራ ቀን ተወስዶበታል። መካከል ላይ የበዓል ቀን ቢገባ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ይኸው ሠራተኛ በአንድ ቀን ለባጃጅ አንዴ 180፣ አንዴ 240 ብር ከፍሏል፤ ደረሰኝ የለውም። በማስታወሻው 420 ብሩ በኃላፊው በተረጋገጠ የወጪ መግለጫ ይወራረድለታል። «ደረሰኝ ግዴታ ነው» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ከኪሱ ከፍሎ ዝም ይላል። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ መብታቸውን ያወቁት ከዓመት በኋላ ነው።

የ12,000ው የ9,400 ብር ማስረጃ በጊዜው ቀርቦ 2,600 ብር ቢቀር፣ ከደመወዝ የሚቀነሰው 2,600 ነው። «ካላወራረዳችሁ ይቆረጣል» ሲባል ግን ብዙ ሰው ሙሉው 12,000 የሚቆረጥ ይመስለዋልና «በከፊል ከማቀርብ ሁሉም ተሟልቶ ላቅርብ» ብሎ ይዘገያል። ጊዜው ያልፍበታል።

«ትልልቅ ግዢ» የሚለውን ብዙም አልነካውም፤ ለአንዱ 2,000 ትልቅ ነው፣ ለሌላው 20,000። «አለቃችሁን» የሚለው ግን ይበልጥ ይጎዳል። ማስታወሻው ሁለት ሰው ነው የሚለው፤ ሁለቱም፣ በጽሑፍ፣ ከግዢው በፊት። አለቃው በስልክ «እሺ፣ ግዛ» ስላለው በራሱ ብር ፕሪንተር የገዛ ሠራተኛ ገንዘቡ አይመለስለትም።

አሁን የእኔን ልጻፍ፦

«ይህ ደንብ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የምትወስዱትን የመስክ ቅድሚያ ክፍያ ይመለከታል። ከመስክ ከተመለሳችሁ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ አወራርዱ። ማወራረድ ማለት ገንዘቡ ለምን እንደዋለ በሕጋዊ ደረሰኝ ማሳየትና የተረፈውን መመለስ ነው። ለከተማ ውስጥ ትራንስፖርት ደረሰኝ ካላገኛችሁና የቀኑ ወጪ 500 ብር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ በደረሰኝ ፋንታ የቅርብ ኃላፊያችሁ ያረጋገጠውን የወጪ መግለጫ ማቅረብ ትችላላችሁ። በራሳችሁ ገንዘብ ከ5,000 ብር የሚበልጥ ግዢ ከፈጸማችሁ፣ ገንዘቡ የሚመለስላችሁ የመምሪያ ኃላፊውም የፋይናንስ ኃላፊውም ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ግዢው ልክ 5,000 ብር ከሆነ ይህ ፈቃድ አያስፈልግም። በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሳይወራረድ የቀረው ገንዘብ ከቀጣዩ ወር ደመወዛችሁ ይቀነሳል።»

ከዋናው እንዳላጠረ ታያላችሁ። ማጠር ግቡ አልነበረም። የቢሮ አማርኛ የሚከብደው በርዝመቱ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አራት ደንብ በ«መሆኑን፣ መሆኑን» ተቀጣጥሎ አንባቢው «እናሳስባለን» እስኪደርስ ድረስ ሁሉንም በአእምሮው ተሸክሞ ይጓዛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ደንብ የራሱ ግስ ሰጥቼ ዘጋሁት። «ካልተፈቀደ በስተቀር ተመላሽ አይደረግም» የሚለውን ድርብ አሉታ ደግሞ «ከፈቀዱ ብቻ» ብዬ ገለበጥኩት። «ብቻ» ከወደቀች ግን ደንቡ ይወድቃል። ስለ ልክ 5,000 የጨመርኩት ዓረፍተ ነገር አዲስ ደንብ አይደለም፤ በንግግራችን «ከአምስት ሺህ በላይ» ስንል አምስት ሺውን ጨምረን ስለምናስብ «በላይ» የሚለውን ግልጽ ማድረጌ ነው።

«ማወራረድ» የሚለውን ቃል አልቀየርኩም። አዲስ ተቀጣሪ ላያውቀው ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ጋ «መዝጋት»፣ ሌላው ጋ «ማስረከብ» እያልኩ ባስውበው፣ አንባቢው ሦስት የተለያየ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። በልብ ወለድ ቃል መደጋገም ያሰለቻል፤ በወጪ ደንብ ግን አንድ ነገር አንድ ስም ብቻ ይኑረው። ያንኑ ያህል ስለ «ሕጋዊ ደረሰኝ» አደራ እላለሁ፦ «ሕጋዊ» የሚለውን ማንም እንዳይጥለው፤ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው የሚከራከረው «ደረሰኝ ነው የተባልነው» ብሎ ነው።

ወደ ጆንያው ልመለስ። ስትገለብጡ ጠጠር ታገኛላችሁ። ጠጠር የምለው ዋናው ጽሑፍ ራሱ ለሁለት ሲከፈል ነው። «በተመለሰ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ» ሲል የተመለሰበት ቀን ራሱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ከተቆጠረ፣ ቅድም ያልነው ሠራተኛ የመጨረሻ ቀኑ ሐሙስ እንጂ ዓርብ አይደለም። «ቀጣዩ ወር» የሚለውስ? ጥቅምት 26 የተመለሰ ሰው ጊዜው የሚያልፍበት ኅዳር ውስጥ ነው፤ የሚቀነስበት ከኅዳር ደመወዝ ነው ወይስ ከታኅሣሥ? እዚህ ላይ የአቅላዩ ፈተና ይመጣል፤ የመሰለንን መርጠን በጥሩ አማርኛ ብንጽፈው ማንም አያውቅብንም። ግን የሰው ጤፍ ነው፣ ጠጠሩን ለባለቤቱ ማሳየት እንጂ በራስ ግምት መፍረድ አይገባም። እኔም ሁለቱን ጥያቄዎች ጽፌ ለኃላፊው ላክሁ።

በተቃራኒው ደግሞ የሙያችን ፈተና አለ። እኛ የሂሳብ ሰዎች 9,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በሁለት ደረሰኝ በ4,500፣ በ4,500 ተከፍሎ ሲመጣ ስላየን፣ «ግዢ መከፋፈል ክልክል ነው» ብለን መጨመር ያምረናል። ማስታወሻው ግን ይህን አይልም። መከልከል ካለበት ዋናው ላይ ይግባ፤ በማቅለል ስም ማስገባት ጤፍ ከመድፋት አይሻልም፣ ሚዛኑ በሌላ በኩል ያጋደለ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ከጥያቄዎቹ ጋር አያይዤ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪው ከደመወዝ እንዲቀንስ የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ወርኃዊ ደመወዙ 6,000 ብር ለሆነ ሰው ሲሶው 2,000 ነው፤ ያልተወራረደው 2,600 በአንድ ወር ሊቀነስበት አይችልም። ይህን በቀላሉ ጽሑፍ ውስጥ አልጨመርኩም፤ በማስታወሻው የለምና።

መልሱ በሦስተኛው ቀን በጽሑፍ መጣ። የተመለሰበት ቀን አይቆጠርም፤ «ቀጣዩ ወር» ማለት የ7ቱ ቀን ገደብ ካለፈበት ወር ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለቱም በዋናው ማስታወሻም በቀላሉ ጽሑፍም ገቡ። የደመወዙ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለሕግ ክፍል ከታየ በኋላ «የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲኖርና በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶ ሳይበልጥ» የሚል ተጨምሮበት፣ በኃላፊው ፊርማ ተመለሰ። እኔም ያኔ «ጽፋችሁ ከተስማማችሁ ብቻ፣ በአንድ ጊዜም ከወር ደመወዛችሁ ከሲሶ ሳይበልጥ» ብዬ ወደ ቀላሉ ጽሑፍ ገለበጥኩት።