ኤክሴል ቀኑን አያውቅላችሁም

የማኅበር ሒሳብ የያዘ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። አባላት የከፈሉትን መዋጮ በቴሌግራም ይጽፋሉ። ሁሉም በየአገሩ በለመደው አጻጻፍ ነው የሚጽፈው። የማኅበሩ ጸሐፊ ኮፒ አድርጎ ኤክሴል ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ፋይሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ “ቀኑንና ብሩን ትንሽ አስተካክይልኝ” ከምትል መልእክት ጋር። “ትንሽ” የምትለዋ ቃል ናት የምታናድደኝ። ከፋይሉ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ምክሮች ይከተላሉ፤ ከዚህ በታች አንድ በአንድ እመልሳቸዋለሁ።

ለማስረጃ እነዚህን አራት መስመሮች እንያዝ፦

```
ዋሽንግተን     07/08/2024   $200
ፍራንክፈርት    07.08.2024   1.250 €
ኩዌት        25/07/2024   10.500 KD
አዲስ አበባ    15/11/2016   5,000 ብር
```

“ዓምዱን ምረጪና ቀን ፎርማት አድርጊው፤ ራሱ ይስተካከላል”

አይስተካከልም። ይህን ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ፈጣሪ ይወቀው።

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 አንድ ቁጥር ሆኖ ቆጠራው ከዚያ ይቀጥላል። ጁላይ 8 ቀን 2024 ለኤክሴል 45481 ነው። ኦገስት 7 ደግሞ 45511። ፎርማት የሚቀይረው ይህ ቁጥር በስክሪን ላይ የሚታይበትን መልክ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ተሳስቶ ከገባ፣ ስህተቱ በሚያምር መልክ ይታያችኋል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

ቁጥሩ የሚወሰነው መቼ ነው? በለጠፋችሁበት ቅጽበት። ያን ጊዜ ኤክሴል የሚያየው የኮምፒውተራችሁን የአገር ሴቲንግ ነው። የላኪውን አገር ከየት ያመጣዋል? አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ኮምፒውተር ደግሞ በአሜሪካ ሴቲንግ እንደመጣ የተተወ ነው። ስለዚህ ወር ይቀድማል ብሎ ይነሳል። 07/08/2024ን ሳይጠይቅ ጁላይ 8 ያደርገዋል። 25/07/2024 ላይ ሲደርስ ግን 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። የፍራንክፈርቱን ባለነጥብ ቀንም እንዲሁ።

አደገኛው ጽሑፍ ሆኖ የቀረው አይደለም፤ እሱ ቢያንስ ይታያል። አደገኛው ዝም ብሎ የተገለበጠው ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው 05/11/2016 ብሎ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለቱ ከሆነ፣ ኤክሴል ሜይ 11 ቀን 2016 አድርጎ ያስገባዋል። ከስምንት ዓመት በፊት ተከፈለ ማለት ነው። ማንም አያስጠነቅቃችሁም።

ጉዳቱ መድረሱን ማወቂያ አለ። አሰላለፍን በእጃችሁ ካልነካችሁ፣ ኤክሴል እውነተኛ ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። ወደ ግራ የቀሩት ሁሉ መጀመሪያ ቁጥራቸው ከ12 በላይ ከሆነ፣ ወደ ቀኝ የሄዱት ሁሉ ደግሞ ቀናቸው ከ12 ካላለፈ፣ ቀን የሚያስቀድሙ ሰዎች ዝርዝር ወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ተለጥፏል። ፋይሉ ረጅም ከሆነ `=ISTEXT(A2)` ሁለቱን ይለይላችኋል።

ዋናው መልእክት ካለ መጠገን አያዋጣም፤ እንደገና ለጥፉ። መጀመሪያ ባዶውን ዓምድ `Text` አድርጉት። ከዚያ `Match Destination Formatting` በሚለው አማራጭ ለጥፉ። አሁን ሁሉም እንደተጻፈ ይቀመጣል። ይህን ዓምድ አትንኩት፣ አታጥፉት። አጠገቡ ላኪው ማን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ በላኪ ደርድሩና በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈውን የእያንዳንዱን ሰው ቀኖች ኮፒ ላይ ለብቻ ቀይሩ፦ `Data`፣ `Text to Columns`፣ ሁለት ጊዜ `Next`፣ ከዚያ `Date` ብላችሁ `DMY` ወይም `MDY` ትመርጣላችሁ። ይህ ምርጫ የሚነግረው ጽሑፉ እንዴት እንደሚነበብ ነው። መልኩን `yyyy-mm-dd` የምታደርጉት ከዚህ በኋላ ነው። ፎርማት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ሰዎች ግን ከእሱ ይጀምራሉ።

በላኪ ደርድሩ ያልኩት በምክንያት ነው። “ዋሽንግተን ያለ ወር ያስቀድማል” ማለት አይቻልም። እዚያ ሠላሳ ዓመት ኖሮ እስካሁን ቀን የሚያስቀድም ሞልቷል። የአንድን ሰው ክፍያዎች አንድ ላይ ስታዩ ግን ልማዱ ይወጣል። ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ 08/15/2024 ካለ፣ ሰውዬው ወር አስቀዳሚ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ካጣችሁ የቴሌግራሙን ቀን እዩ። “ከፍያለሁ” የሚለው መልእክት ጁላይ 9 ከገባ፣ 07/08 ኦገስት ሊሆን አይችልም። ይህም ካልፈታው ደውላችሁ ጠይቁ። ግምት አታስገቡ።

“የእኛ አቆጣጠር ከሆነ ስምንት ዓመት ደምሪበት”

ወሩስ? 15/11/2016 ላይ ስምንት ብደምር ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ይሆናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ግን ጁላይ 22 ቀን 2024 ነው። አራት ወር ገደማ ተንሸራተተ። ልዩነቱም ሁልጊዜ ስምንት አይደለም። ከመስከረም 1 አንስቶ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ ድረስ ሰባት ነው።

እያንዳንዱን ቀን ድረ ገጽ ላይ እያስገባችሁ መቀየርም አያስፈልግም። ዓመቱ `B2`፣ ወሩ `C2`፣ ቀኑ `D2` ላይ ይሁን። ቀመሩ ይኸው፦

```
=365*B2+INT(B2/4)+30*C2+D2-691194
```

ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወሮች ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ነው እንዲህ ያጠረው። `INT(B2/4)` ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆንበትን ቀን ይቆጥራል። የመጨረሻው ቁጥር ቆጠራውን ከኤክሴል ቆጠራ ጋር ያገናኘዋል። መሞከር ከፈለጋችሁ 2017፣ 1፣ 1 አስገቡ፤ 45546 ይወጣል። ፎርማት ስታደርጉት 2024-09-11 ነው፤ እንቁጣጣሽ። 2016፣ 1፣ 1 ብታስገቡ ደግሞ 2023-09-12 ይሰጣችኋል፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ የመጣ አዲስ ዓመት ስለሆነ በአንድ ቀን ዘገየ። ጎግል ሺትስ ላይም ያው ነው።

ወሩን በስም የጻፉ ካሉ ወደ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት አጻጻፉን እዩ። ሐምሌ፣ ሀምሌ፣ ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ብቻ ፈልጋችሁ ብትቀይሩ ሌላው ይቀራል።

“2016 ካለ የእኛ ነው፣ 2024 ካለ የፈረንጅ ነው”

በፈረንጆቹ 2024 ለተከፈለ መዋጮ ልክ ነው። ለአሥር ዓመት መዝገብ ግን አይሠራም። 2016 የፈረንጆችም ዓመት ነበረ።

“ኮማና ነጥቡን አጥፊና ቁጥር ይሁን”

ፍራንክፈርት ላይ 1.250 ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዩሮ ነው። ጀርመኖች ሺህን በነጥብ፣ ሳንቲምን በኮማ ይለያሉ። የዩሮ ምልክቱን አጥፍታችሁ በአሜሪካ ሴቲንግ ብታስገቡት አንድ ዩሮ ከሃያ አምስት ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ነጥቡን ማጥፋት ለዚህ መስመር ይሠራል። ያንኑ መላ ኩዌት ላይ ሞክሩት። 10.500 የኩዌት ዲናር አሥር ዲናር ተኩል ነው፤ አንድ ዲናር 1,000 ፊልስ ስለሆነ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ይጻፋል። ነጥቡን ስታጠፉት አሥር ሺህ አምስት መቶ ዲናር ሆነ። ከ30,000 ዶላር በላይ! አንድ የቤት ሠራተኛ እህታችን ይህን ከፈለች ተብሎ ሪፖርት ላይ ሲነበብ ሰምቻለሁ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ስለዚህ እዚህም በላኪ ነው የሚሠራው። ለጀርመኖቹ መስመር ዓምዱ `Text` እንደሆነ ምልክቱን አንሡና ይህን ተጠቀሙ፦

```
=NUMBERVALUE(E2,",",".")
```

መጀመሪያ የሳንቲም መለያው፣ ቀጥሎ የሺህ መለያው ነው። ለኩዌትና ለአሜሪካ ሁለቱን ገልብጡ።

“የ$ ምልክት ካለ የአሜሪካ ዶላር ነው”

ቶሮንቶና ሜልበርን ያሉት አባላት ምን ይጻፉ? የሦስት ፊደል መለያውን በራሱ ዓምድ አስቀምጡ፦ USD፣ CAD፣ AUD፣ EUR፣ KWD፣ SAR፣ AED፣ ILS፣ ETB።

“ሁሉንም ወደ ብር ቀይሪና አንድ ዓምድ ይሁን”

አጻጻፍ ማስተካከልና ምንዛሪ መመንዘር ሁለት ሥራ ናቸው። ስትመነዝሩ ቀኑ ይወስናል፤ ቀኑ ከተገለበጠ ገንዘቡም ይሳሳታል። የዋሽንግተኑን 200 ዶላር ተመልከቱ። ጁላይ 8 ቀን 2024 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 11,400 ብር አካባቢ ይሆናል። ጁላይ 29 ላይ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን ከ74 ብር በላይ አደረገው። በዚያ ዋጋ እንኳ ብናሰላ 14,800 ብር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላም ጨምሯል። ጁላይ 8ን ኦገስት 7 ብሎ ማንበብ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ስለዚህ የተከፈለው መጠን በራሱ ገንዘብ ይቀመጥ። የቀኑ ምንዛሪ በሌላ ዓምድ፣ የብሩ ውጤት በሌላ ዓምድ ይግባ። ምንዛሪው ላይ ክርክር ቢነሳ አንድ ዓምድ ብቻ ትነካላችሁ። የዋሽንግተኑ ወር አስቀዳሚ መሆኑ ከተረጋገጠ አራቱ መስመሮች እንዲህ ይሆናሉ፦

```
2024-07-08   USD   200.00
2024-08-07   EUR   1250.00
2024-07-25   KWD   10.500
2024-07-22   ETB   5000.00
```

“ኦገስት 7 ተብሎ በቃል ቢጻፍ አይሻልም?”

ለንባብ ይሻላል። ጽሑፍ ሆኖ ሲደረደር ግን ኤፕሪል ከጃንዋሪ ይቀድማል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በቁጥር የተጻፈው ጽሑፍ ሆኖ ቢቀር እንኳ በቅደም ተከተሉ ይደረደራል።