«ሰዋስው ብቻ ነው ያረምኩት»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ አማክራለሁ። ተማሪዎቼ በአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ከማስረከባቸው በፊትም በማረሚያ መሣሪያ ያሳልፉታል። ከዚያ በኋላ የምሰማቸው ሦስት አባባሎች አሉ።

«ሰዋስው ብቻ ነው ያረምኩት፤ ጽሑፉ የራሴ ነው።»

የትኛውን ቁልፍ እንደተጫኑ ይወስነዋል። እንደ ግራመርሊ ያሉት መሣሪያዎች በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው ከቃሉ ሥር አስምሮ የፊደል ግድፈትና የግስ ስሕተት ያሳያል። ሌላው ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ወስዶ በቋንቋ ሞዴል እንደ አዲስ ይጽፈዋል።

አንድ ተማሪዬ ስለ ጎዛምን አሲዳማ አፈር ሲጽፍ፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ያነጋገርኳቸው ገበሬዎች ኖራ ያልተጠቀሙት ማጓጓዣው ስለተወደደባቸው እንደሆነ ነገሩኝ።» እርማቱ አንድ ግስና አንድ መስተዋድድ ብቻ ነካ። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና የሚጽፈውን ቁልፍ ሲጫን ግን «ከፍተኛ የማጓጓዣ ወጪ በአካባቢው የኖራ አጠቃቀምን ገድቧል» ሆኖ ወጣ። እንግሊዝኛው አማረ፤ ገበሬዎቹ ግን ጠፉ። እነሱ የነገሩት ምክንያት የተረጋገጠ ግኝት ሆነ፤ የተወሰኑ ሰዎች ቃልም የአካባቢው ሁሉ ሆነ። ፈታኙ «ይህን በምን ለካኸው?» ቢለው መልስ የለውም፤ አልለካውምና።

«መመርመሪያው ማሽን ጻፈው ካለ፣ ማሽን ጻፈው ማለት ነው።»

ጽሑፉን ሰው ወይስ ማሽን ጻፈው ብለው የሚለዩት ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚያዩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት እንደሆነ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ደግሞ በሚያውቃቸው ጥቂት ቃላትና በተለመደ አሰካክ ይጽፋል፤ ስለዚህ ጽሑፉ በቀላሉ ይገመታል። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መመርመሪያዎች ፈተኑ። በአማካይ 61 በመቶ ያህሉ የማሽን ሥራ ተባሉ። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይም የራሱን መመርመሪያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሣው። ይህን የማያውቅ መምህር በልጁ ላይ ሲፈርድ ማየት ያመኛል።

«ቃላቱን በመሣሪያ ካስቀየርኩት ማንም አይለየውም።»

መመርመሪያውን ብዙ ጊዜ ያታልለዋል። የሙያውን ሰው ግን አያታልልም፤ መሣሪያው የሙያ ቃላትንም ተመሳሳይ ናቸው በሚላቸው ይተካልና። በ2021 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ለማለት «ሐሰተኛ ንቃተ ኅሊና» የሚል እንግሊዝኛ አግኝተዋል። እኔም «አሲዳማ አፈር» በእንግሊዝኛ «የጎመዘዘ አፈር» ሆኖ ሲመጣልኝ ምን እንደተደረገ ይገባኛል።

ያን ጊዜ ወደ መመርመሪያ አልሄድም። ተማሪው የመጀመሪያ ረቂቁን፣ ሰነዱ በየሰዓቱ የያዘውን የለውጥ ታሪክና ጎዛምን ላይ በእጁ የጻፈውን ማስታወሻ ይዞ ይመጣል፤ አብረን ተቀምጠን ዓረፍተ ነገሮቹን ከገበሬዎቹ ቃል ጋር እናስተያያለን።